ስሟን አጥፍተናል

ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ታመመች፣ እኔም ቤት ቀረሁ፤ እናቴ ስትድን ክፍሌ ርቆኝ ሄዷል። ከዚያ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ወረቀት አነሳ ነበር። ቀስ በቀስ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ የኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ ስጽፍ ጣቶቼ ፈጠኑ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ሦስት ሰው ካየኝ አንገቴ ይግላል፣ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም። ጽሕፈት እንደ እኔ ላለ ሰው ጥሩ ሥራ ነው። ሌላው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

የስልክ መስመሩ ሰዎች ያገኙኝ እዚያ ነው። የእናቶች ጤና የሚመከርበት ነፃ መስመር ነበራቸው። ሴቶች ይደውላሉ፣ ነርስ ታነሳለች፣ ንግግሩ ይቀረጻል። መቀረጹን ገና ሲደወል የተቀዳች የሴት ድምፅ ታሳውቃለች። የቸገራቸው ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው ነበር። ደዋዮቹ በአማርኛ ይጀምሩና ሲጨንቃቸው ወደ መስቃንኛ ወይም ወደ ስልጥኛ ይገባሉ። ዲግሪ ያላቸው ሁለት ልጆች ተፈትነው ግማሹን «አልተሰማም» ብለው ትተውት ነበር። እኔ ሁሉንም ጻፍኩት። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ተያዩና ቀጠሩኝ።

ቢሮው ቆርቆሮ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ነርሷ ስልክ ታነሳለች። ነርሷን ሲስተር ነው የምላት፤ ከእምድብር በኩል የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በሌላው ክፍል እኔና አለቃው ነን። አለቃው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። እኔ የጻፍኩትን ያነብና በየሳምንቱ ዓርብ ማጠቃለያ ያወጣል፤ ሴቶች በዚህ ሳምንት ምን ጠየቁ፣ ምን አስቸገራቸው፣ ምን መድኃኒት አጡ የሚል ነው። ማጠቃለያው በቴሌግራም ለአንድ ትልቅ ግሩፕ ይላካል። በአካባቢው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያ ሰዎች፣ የቀበሌ ሰዎችም ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ አሉ።

ከመላኩ በፊት ሰውን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ መጥፋት አለበት። ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የካርድ ቁጥር፣ የአንድን ሰው በሽታ ከሰውየው ጋር የሚያገናኝ ማንኛውም ነገር። በየቦታው በቅንፍ «ስም»፣ «ስልክ»፣ «ቀበሌ» እየተባለ ይተካል። ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው ኮምፒውተሩ ነው። ደዋይዋ ያስመዘገበችው ስም ይሰጠዋል፣ ያንን ስም ካገኘበት ሁሉ ያነሳዋል። አሥር አሃዝ ተከታትሎ ካየ ስልክ ነው ብሎ ያነሳዋል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አየሁ። ሰው ስልክ ቁጥሩን ሲናገር በአሃዝ አይናገርም። «ዜሮ ዘጠኝ» ብሎ ይጀምርና «ሃያ አራት፣ እሱን ተዪው፣ ሃያ አምስት» እያለ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ በፊደል። ኮምፒውተሩ አሃዝ ስለሚፈልግ ቁጥሩ ሙሉውን እንዳለ ተቀምጧል። ስሙም እንደዚያው ነው። ለብቻው ከቆመ ያገኘዋል፤ «የ» ወይም «ለ» ከፊቱ ከተጣበቀ ሌላ ቃል መስሎት ያልፈዋል። ይህን በወረቀት ጽፌ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ በአፌ መናገሩ ከበደኝ።

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?» አለ።

እጄን አነሳሁ።

«ፕሮፌሰር» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ፕሮፌሰር ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ለአዲስ አበባዎቹ በስልክ «አንድ ክፍተት አግኝቼ አስተካክያለሁ» ሲላቸው ሰማሁት። ቁጥሮቹ እስከጠፉ ድረስ ማን አገኘው ቢባል ግድ አልነበረኝም።

ይህን የምጽፍበት ነገር የመጣው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

አንዲት ሴት ደወለች። ከየት እንደሆነች አልናገርም፤ ከቡታጅራ ብዙ የማይርቅ፣ ገበያ ያለበት ቦታ ነው። ስለ እሷ የምጽፈው ከተፈጸመው ጋር አንድ በአንድ እንዳይገጥም አንዳንዱን ቀይሬዋለሁ። ድምፅዋ የልጅ ነው። ካገባች ብዙ አልቆየችም። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሲስተር፣ ቶሎ ብዬ ልጠይቅሽ» ብላ ጀመረች። ክንዷ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስቀብራለች፣ ባሏ አያውቅም፣ የባሏ እናትም አያውቁም። አንድ ልጅ ወልዳ ሞቶባታል። ሁለተኛ ለመውለድ ሰውነቷም ልቧም አልጠናም። በቤቱ ግን በየቀኑ የሚጠየቀው ሆዷ ነው።

«ሰው ሲያየኝ ያውቃል?» አለች።

«በዓይን አይታይም፣ እህቴ» አለቻት ሲስተር። «በጣት ቢነካ ግን ከቆዳሽ ሥር እንደ ቀጭን እንጨት ሆኖ ይታወቃል። ደም ይዛባብሻል?»

«አዎ። እሱንም ለመጠየቅ ነው።»

«በብዙ ሴት ላይ ይሆናል፤ ብቻውን አደጋ አይደለም። ከበዛብሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በዚህ ስልክ ልደውልልሽ?»

«አይ፣ አይ። ይሄ ስልክ የአማቴ ነው። ተደብቄ ነው የደወልኩት። እንዳትደውሉ፣ ወላሂ እንዳትደውሉ።»

ይህን እያለች ከጀርባ፣ ከጓሮ ይመስለኛል፣ አሮጊት ድምፅ ተጣራ። አንድ ቃል ነው የተጣራው። ሴትየዋ «መጣሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ያንን ቃል ጻፍኩት። የሰማሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ እሱንም ጻፍኩት። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ የባሏ እናት ስም ያወጡላታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰፈር፣ በውሃው ቦታ፣ በለቅሶው ድንኳን የምትጠራው በዚያ ስም ነው። እናቷ ያወጡላት ስም ለመታወቂያ እና ለካርድ ይቀራል። የሙሽራ ስም ብዙ ጊዜ ጥሩ ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ ሲሳይ ይዘሽ ነይ፣ ቤታችንን ሙዪ እንደማለት። የእሷም እንደዚያ ነው። በጽሑፍ ስታዩት ምርቃት ይመስላል። አሮጊቷ ግን የጠሯት ገብታ እንድትሠራ ነው።

አጠገቡ በቅንፍ «የቤት ስሟ ነው» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። የሚሰማውን ብቻ ጻፊ ተብያለሁ፤ የራሴን ነገር ስጨምር አለቃው «ድርሰት አይደለም» ይለኛል። በዚህ እስካሁን ራሴን እከሳለሁ።

ዓርብ ጠዋት አለቃው ማጠቃለያውን ጨረሰ። በዚያ ሰሞን «የሳምንቱ ድምፅ» የሚል ነገር ጨምሮበት ነበር፤ የአንዲት ደዋይ ታሪክ አጠር ብሎ ይገባል። ከአዲስ አበባ ሁለት እንግዶች መጥተው ነበር፣ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት፤ ማጠቃለያው እንዴት እንደሚሠራ ሊያዩ። አለቃው ለእነሱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የእሷ ታሪክ ነው። ልጁ ከነሞቱ፣ ክንዷ፣ የተበደረችው ስልክ፣ የደወለችበት የገበያ ቀን ሳይቀር አለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን አለዘበ። እሷ ምስጢሯን እያወራች አማቷ ከጓሮ ሆነው ይመርቋታል ብሎ ጽፏል፤ ያንን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ።

«ያምራል» አለች እንግዳዋ።

«ተመልከቺ እንግዲህ፣ እየመረቋት ነው፣ እሷ ግን…» አለና የቀረውን ለእሷ ተወላት።

እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ነበርኩ። አንገቴ መጋል ጀምሯል። ተነስቼ አጠገቡ ሄድኩ።

«ይሄ ምርቃት አይደለም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ይሄ ቃል። ስሟ ነው።»

«ስሟማ ጠፍቷል።» በጣቱ አሳየኝ። ሦስት ቦታ በቅንፍ «ስም» ይላል። «ስሟን አጥፍተናል፣ ስልኳን አጥፍተናል፣ ቀበሌዋን አጥፍተናል። ይኸው።»

«ይሄኛው የሙሽራ ስሟ ነው። የባሏ እናት ያወጡላት።»

እንግዶቹ ዞረው አዩኝ። «ምንድን ነው የምትለው?» አለ ሰውየው፤ በክፋት አልነበረም።

«ፕሮፌሰራችን ናት» አላቸው አለቃው እየሳቀ። «ስምን በተመለከተ አንድ ንድፈ ሐሳብ አላት። በይ እስቲ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አስረጃቸው።»

ስድስት ዓይን እኔ ላይ ሆነ። ማለት የነበረብኝን አሁን እንቅልፌን ስጠብቅ ሁሉ በትክክል እለዋለሁ፤ ያኔ ግን ከአፌ የወጣው ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ግድ የለም» አልኩ።

«ግድ የለም ካልሽ ላኪው» አለኝ። «ጁምዓ ሳይደርስ ይግባላቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነብም።»

ላክሁት። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ፋይሉን የከፈተችው የእኔ እጅ፣ የላከችውም የእኔ እጅ ናት። ቃሉን አንድ ጊዜ ተጭኜ ላጠፋው እችል ነበር፤ እሱም አያውቅም ነበር። ግን ያልታዘዝኩትን ማድረግ አልለመድኩም። ታዛዥነቴን ሰው ሲያመሰግንልኝ ኖሯል፣ እኔም ጥሩ ነገር መስሎኝ ኖሬአለሁ።

አለቃው እንግዶቹን ይዞ ወደ ወልቂጤ ተነሳ። እኔ ስልኬን ይዤ ግሩፑን እያየሁ ተቀመጥኩ። ብዙው ሰው ምንም አይልም፤ አንዳንዱ አውራ ጣት ያስቀምጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያንን ቃል ብቻ ጻፈች። ቀጥላ «ይቺማ የኛ ሰፈር ሙሽራ አይደለችም እንዴ» አለች፣ ከሳቅ ምልክት ጋር። ከሥሯ ሌላ ሰው «የማን ሚስት?» አለ። ሦስተኛው «ስልክ ሲያበድሩ መጠንቀቅ ነው» ብሎ ሳቀ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ለአለቃው ደወልኩ፤ አያነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም።

ሲስተር ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ። ስልኬን ሰጠኋት። ቃሉን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ለእሷ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«የቤት ስሟ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ማን አስገባው?»

«እኛ።»

የተላከው ከአለቃው ላፕቶፕ ነው፣ ይዞት ሄዷል፤ ግሩፑ ላይ የሌላ ሰው ጽሑፍ ማጥፋት የሚችሉት ደግሞ አለቃውና እሷ ብቻ ናቸው። ማጠቃለያውን ከሁሉም ሰው አጠፋችው። ከሥሩ የተጻፈውንም አንድ በአንድ አጠፋችው። ግን ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ፋይሉ አለ፣ ያነበበው ሰው ጭንቅላት ውስጥም አለ፤ ያንን የምታጠፊበት ቁልፍ የለም። ከዚያ ሲስተር ለሠራተኛዋ ደወለችላት፣ ድምፁን ከፍታ።

«ምን ነካሽ?» አለቻት። «የሰው ምስጢር አደባባይ ታወጫለሽ?»

«እኔ ምን አወጣሁ፣ ሲስተር?» አለች ያቺ፤ ተቆጥታለች። «እናንተ ጽፋችሁ ላካችሁ፣ እኔ አነበብኩ። የሳቅሁት ልክ አይደለም፣ እሺ። ግን ስሟን እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ሲስተር ስልኩን ዘጋችው። የንዴቴ ከባዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰደብናት፣ ግን የተናገረችው እውነት ነበር።

«ሴትየዋን እናስጠንቅቃት» አልኩ።

«በምን?»

ስልኩ የአማቷ ነው። ብንደውል የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ሰው ብንልክ የሄደው ሰው ማን ላከህ ተብሎ ይጠየቃል። ቁጥሩ ከእኛ ጋር አለ፣ ተቆልፎበት ተቀምጧል፤ እኛ ስለ እሷ ሁሉን እናውቃለን፣ እሷ ግን ምን እንዳደረግንባት አታውቅም፣ ልንነግራትም አንችልም።

አለቃው ሰኞ መጣ። ገና ከበሩ «ማን ነው ሳያስፈቅደኝ ያጠፋው?» አለ። እንግዶቹ ማጠቃለያውን ለአለቆቻቸው ሊያሳዩ ግሩፑ ውስጥ ፈልገው አጥተውታል፤ አፍሯል።

ሲስተር «እኔ ነኝ» አለችና ምክንያቱን ነገረችው። ሰማት። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እሺ፣ አንዲት ቃል አመለጠችን። ግን ነገሩን አናጋንነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዷ አወቀቻት። ስሟ የለም፣ ስልኳ የለም። በሕግም ብትሄዱ መረጃው ተነስቷል።»

ሲስተር ስልክ ጠርቷት ወጣች። እሱና እኔ ቀረን። ያኔ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ አሁንም የምጽፈው ከፊሉን ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩና አራት መስመር ጻፍኩ። ደንቡን ጠብቄ። ስም በሚገባበት በቅንፍ «ስም»፣ ስልክ በሚገባበት «ስልክ»፣ ከየት እንደመጣ በሚገባበት «ቦታ»። አንድ ሰው ነው። ቢሮው ከምን ሱቅ በላይ እንደሆነ፣ ምን እንደሚቀልድ፣ ከምሳ በፊት በሩን ለምን እንደሚዘጋ፣ መሳቢያው ውስጥ በፎጣ የጠቀለለው ምን እንደሆነ፣ ያንንም ከእናቱ እንኳን እንደሚደብቅ ጻፍኩ። መሳቢያውን አልከፈትኩም። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያያል፣ ይሰማል።

«እባክዎ ይህን ይመልከቱልኝ» አልኩት። «ስሙ ጠፍቷል።»

ጎንበስ ብሎ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ቀልድ የሚወደው ፊቱ ነጣ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ለሰው አሳይተሻል?»

«አላሳየሁም።»

«አጥፊው።»

«አጠፋዋለሁ» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሏል፣ እኔም ራሴ ሰማሁት። «ይኸው አጠፋሁት። አንድ ሰው ነው ያየው፣ እርስዎ ብቻ። አንድ ሰው ሲያየው ምን እንደሚመስል አዩት። የእሷን ስንት ሰው አየው? የእሷን ማን ያጥፋላት? በሕግ ተነስቷል አሉኝ። የእርስዎም ተነስቶ ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያደረግሁት ልክ ነው አልልም። የሰውን ሕመም እንደ ዱላ ነው ያነሳሁት፤ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን፣ እሱ ብቻ ቢያየውም። ግን ያንን ሁሉ ጊዜ በወረቀት፣ በሹክሹክታ፣ በትሕትና ነግሬው ያልገባው ያኔ ገባው።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተቀየረ። የማንም ደዋይ ቃል እንዳለ አይወሰድም፣ «የሳምንቱ ድምፅ» ቀረ። ልጅ ሞተባት፣ ባሏ እዚያ አገር ነው፣ የምትሸጠው ይሄን ነው የሚለው ሁሉ ይወጣል። የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ጥያቄ ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ «ስለ ወሊድ መከላከያ የጠየቁ ነበሩ» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ከጀርባ የሚሰማ ድምፅ አይጻፍም። ኮምፒውተሩ ከጨረሰ በኋላ የአካባቢው ሰው የሆነ ሰው፣ ይህቺን ሰው የሰፈሯ ሰው ቢያነብ ያውቃታል ወይ ብሎ እየጠየቀ ያነባል። ያ ሰው እኔ ነኝ። እኔ ሳልፈርምበት አይወጣም። አለቃው ይህን ለአዲስ አበባዎቹ ሲያስረዳ በዚህ ጊዜ «የእኛ ልጅ ያመጣችው ነው» አለ፤ ፕሮፌሰርም አላለኝም። አላስደሰተኝም። እዚያ ለመድረስ ያቺን ሴት ነው የከፈልንበት።

ከአንድ ወር ምናምን በኋላ ጠዋት የመጡትን ጥሪዎች እየሰማሁ ነበር። ሰላምታው ላይ አወቅኋት። በዚህ ጊዜ ስሟን አላስመዘገበችም። ከሕዝብ ስልክ ይሁን ከሰው ስልክ አላውቅም፣ ዳር ዳሩ የመኪና ድምፅ አለ።

«ሲስተር፣ ክንድ ውስጥ ያለውን ማውጣት ፈልጌ ነው» አለች።

ሲስተር አላወቀቻትም፤ በቀን ስንቱን ታነሳለች። «እሺ እህቴ። ስንት ዓመትሽ ነው? ለቅጹ ነው።»

«ለቅጹ» አለች። ከዚያ «ባለፈው ለእናንተ የነገርኳችሁን ማን ሰማው?» አለች።

ሲስተርም ያኔ አወቀቻት፤ ትንፋሿ ሲያጥር ይሰማል። «እህቴ…» አለች።

«አማቴ መጀመሪያ ምንም አላሉኝም። ጣሳ ሳቀብላቸው ክንዴን ያዙኝ። እዚህ ጋ በአውራ ጣታቸው ተጫኑኝ። ሳይዳብሱ፣ ወዲያው፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናንተ ብቻ ነው የተናገርኩት።»

«እህቴ፣ ስሚኝ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። አንቺ ማውጣት ትፈልጊያለሽ ወይስ እነሱ ናቸው?»

«ኋላ ግን ልጄ ሳይሰማ አውጪው አሉኝ። በሳምንት ውስጥ። የት ልሂድ? እኛ ጋ ያለችው የጤና ሠራተኛ ዘንድ አልሄድም።»

«ራስሽ እንዳትነኪው፣ ሌላም ሰው ቤት ውስጥ እንዳይነካው። ጤና ጣቢያ ነው የሚወጣው፣ በባለሙያ። የግድ የናንተ መሆን የለበትም፤ ሌላ ከተማ ብትሄጂም ያወጡልሻል። ማውጣት ካልፈለግሽ ደግሞ በሌላ መንገድ እንመካከር፣ ተነክቶ የማይታወቅ መከላከያ አለ…»

«እዚያ ካርድ ያወጣሉ?»

«ያወጣሉ።»

«ስም ይጠይቃሉ?»

«ይጠይቃሉ፣ ግን…» አለች ሲስተር። ስልኩ ተዘጋ፤ የመኪናው ድምፅም ቆመ።

ሲስተር የቀረውን አልነገረቻትም፣ ለመንገር ጊዜ አልነበራትም። የማይታወቀው የትኛው እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ ማንን ብላ እንደምትጠይቅ። ሴትየዋ መልሱን ሳትሰማ ሸሸች፤ የሸሸችው ከእኛ ነው። መስመሩ የተከፈተው እንደ እሷ ላሉት ነበር።

ዓርብ ዕለት አለቃው «ከመከላከያ በኩል በዚህ ሳምንት ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «ማስወጣት ስለሚቻልበት ቦታ ተጠይቋል» ብዬ አንድ መስመር ሰጠሁት።

«ዝርዝር የለውም?»

«የለውም።»

አየኝ። ሊጠይቀኝ ፈልጎ ተወው። ጥሪውን ወደ ጽሑፍ አላወጣሁትም፤ ቀረጻውም የሚጠፋበት ቀን ሲደርስ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይጠፋል። ሲስተር አሁን ለሚደውሉ ሁሉ ዕድሜ ከመጠየቋ በፊት ጥያቄያቸውን መመለስ ታስቀድማለች፤ ቅጹ ባዶ ቢቀር ባዶ ይቅር ብላለች።

አውጥታው እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣላት፣ ከዚያ ቤት ትኖር እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዴ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ፎቶ ኮፒ ቤቱ አካባቢ ሲያጋጥመኝ ልጠይቅ አፌ ድረስ ይመጣል። ለመጠየቅ ግን ማን እንደሆነች መናገር አለብኝ።